ካሬው ፎቶ እና ሁለቱ ፈታኞቹ

የዲቪ ፎርም ሲሞላ ፎቶ የሚጫንበት ቦታ ላይ ሲደረስ የብዙ ሰው ልብ ይሰቀላል። «ፋይሉ አይሆንም» የሚል መልእክት ካልመጣ ግን እፎይ ይባላል፤ የቀረው ይሞላል፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ ይታተማል፣ የኢንተርኔት ቤቱ ሒሳብ ተከፍሎ ወደ ቤት ይኬዳል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ያየው ፋይሉን እንጂ ፊቱን አይደለም። ፎቶው ካሬ መሆኑን፣ ክብደቱ ከተፈቀደው አለመብለጡን፣ የፋይሉ ዓይነት ትክክል መሆኑን አይቶ አሳልፏል። ባለፎቶው መነጽር ማድረጉን፣ ከጆሮው ኋላ ጥላ ማረፉን፣ ፎቶው ያምና መሆኑን የሚያየው ሌላ ፈታኝ ነው። እሱ ደግሞ የሚመጣው ቆይቶ፣ እርማት በማይቻልበት ሰዓት ነው።

የዲቪ መመሪያ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። መስፈርቱን ያላሟላ፣ በኮምፒውተር የተነካካ ወይም ባለፈው ዓመት ማመልከቻ ላይ የገባ ፎቶ ማመልከቻውን ሊያስጥለው እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። ሎተሪው የሚከፈትበት ጊዜና ቅድመ ሁኔታው ከዓመት ዓመት ሊቀያየር ይችላል፤ የፎቶው ልክ ግን ለረጅም ጊዜ ብዙም ሳይለወጥ የቆየ ነው። ያው ልክ የተማሪም ሆነ የጎብኚ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው በሚሞላው ዲኤስ-160 በተባለው ፎርም ላይም ይሠራል። ስለዚህ ይህን አንድ ልክ በሚገባ የተረዳ ሰው ለሌላው አገር ፎቶም ቢሆን ምን ምን መመልከት እንዳለበት ይገባዋል።

ልኩ ይህ ነው። ፎቶው ስፋቱና ቁመቱ እኩል፣ ማለትም ካሬ መሆን አለበት። በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ 600፣ ቢበዛ 1200 ፒክስል ይኖረዋል። ፋይሉ ጄፔግ ሆኖ ከ240 ኪሎባይት አይበልጥም። ጭንቅላቱ ከአገጭ እስከ ፀጉር ጫፍ ሲለካ ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መያዝ አለበት። ዓይኖቹ ደግሞ ከፎቶው የታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ ሲለካ ከ56 እስከ 69 በመቶ ባለው ከፍታ ላይ ያርፋሉ። ፎቶው ባለ ቀለም፣ ጀርባው ነጭ ወይም ወደ ነጭ ያደላ፣ የተነሣበትም ጊዜ ከስድስት ወር ያልዘለለ ይሁን ይላል መመሪያው።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሁለቱን ብቻ ነው፤ 600 ፒክስልን እና ነጩን ግድግዳ።

ከፋይሉ ክብደት እንጀምር፤ እዚያ ላይ በጎ ሐሳብ የሚያሳስትበት ቦታ አለና። አንዳንዱ «ትልቅ ፎቶ ጥርት ያለ ፎቶ ነው» ብሎ ትልቁን ልክ፣ 1200 በ1200 ይመርጣል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለቪዛ ፎቶ ካወጣቸው መስፈርቶች አንዱ ግን ፎቶው ሲጨመቅ ከሃያ አንድ እጅ በታች መውረድ እንደሌለበት ይናገራል። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 600 በ600 የሆነ ባለ ቀለም ፎቶ ሳይጨመቅ 1,080,000 ባይት ያህል ነው። ለሃያ ሲካፈል 54 ኪሎባይት ይመጣል። ስለዚህ ከ54 እስከ 240 ኪሎባይት ያለ ሰፊ ሜዳ አለው። 1200 በ1200 የሆነው ግን ሳይጨመቅ 4,320,000 ባይት ይሆናል፤ ለሃያ ሲካፈል 216 ኪሎባይት። ጣሪያው 240 ስለሆነ የቀረው መተላለፊያ ጠባብ በር ነው። የ600ው ፎቶ ለፊት የሚበቃ ዝርዝር ይይዛል፤ ትልቁን መምረጥ የሚያተርፈው ድካም ብቻ ነው።

የፋይሉ ዓይነት ደግሞ በተለይ የአይፎን ባለቤቶችን ያስቸግራል። ስልኩ በራሱ ፈቃድ ከተተወ ፎቶውን የሚያስቀምጠው HEIC በተባለ ዓይነት ነው። የፋይሉን ስም መጨረሻ ሰርዞ .jpg ብሎ መጻፍ ስሙን እንጂ ውስጡን አይቀይረውም፤ ፎርሙም አይታለልም። ፎቶው ከመነሣቱ በፊት በስልኩ የካሜራ ማስተካከያ ውስጥ Formats የሚለው ተከፍቶ Most Compatible ከተመረጠ ጣጣው ያልቃል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ግን በመንገድ ላይ ነው። ፎቶው በአንዱ ስልክ ተነሥቶ በቴሌግራም ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር ይላካል። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ረጅሙን ጎን ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ያሳንሰዋል። 1280 ከ600 ስለሚበልጥ ምንም የተጓደለ አይመስልም፤ ቢለካ ግን ሌላ ነው።

አንዲት አመልካች በእኅቷ ስልክ ተነሣች እንበል። ፎቶው 3000 በ4000 ፒክስል ነው፤ ከወገቧ በላይ ስለተነሣች ጭንቅላቷ የቁመቱን ሩብ፣ 1000 ፒክስል ይዟል። ጭንቅላቱ 60 በመቶ እንዲሆን ካሬው ሲቆረጥ የካሬው ጎን 1667 ፒክስል ገደማ ይሆናል። ያንን ወደ 600 ማሳነስ ቀላል ነው፤ ሲያንስ ጥራቱ አይጠፋም። አሁን ያው ፎቶ በቴሌግራም ይሂድ። ባለ 4000ው ቁመት 1280 ይሆናል፣ ጭንቅላቷ ደግሞ 320 ፒክስል ብቻ ይቀራታል። ጭንቅላቱን 60 በመቶ የሚያደርገው ካሬ 533 ፒክስል ይሆናል፤ ከዝቅተኛው ልክ በታች ማለት ነው። የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ምን ያደርጋል? ጎትቶ 600 ያደርሰዋል። ፋይሉ ያልፋል። ፊቱ ግን እንደ ታጠበ ሥዕል ደብዝዟል፣ ሽፋሽፍቱ ከዓይኑ ጋር ተዋሕዷል። መፍትሔው ሲላክ «ፋይል» የሚለውን መምረጥ ነው። ያኔ ቴሌግራም ሳይነካው እንዳለ ያደርሰዋል። ፎቶው በመንገድ መነካቱን ለማወቅ ደግሞ በላኪውና በተቀባዩ ዘንድ የፒክስሉን ቁጥር ማስተያየት ይበቃል፤ ስልክ ላይ የፎቶው ዝርዝር መረጃ ሲከፈት፣ ኮምፒውተር ላይ በቀኝ ጠቅታ Properties ውስጥ Details ሲባል ይገኛል።

ሌላው የተለመደ አቋራጭ በቤት ያለውን ጉርድ ፎቶ ማስቆረጥ ነው። ይህ በአብዛኛው አያዋጣም፤ ምክንያቱም ጉርዱ ቁመቱ ይረዝማል፣ ስፋቱ ይጠባል። የተለመደው 3 በ4 ጉርድ ስፋቱ 30 ሚሊሜትር ነው። ጭንቅላቱ 22 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ከእሱ የሚወጣው ትልቁ ካሬ 30 በ30 ስለሆነ ጭንቅላቱ ከ73 በመቶ በላይ ይይዛል፤ ጣሪያው 69 ነው። ለአውሮፓ የሼንገን ቪዛ የሚሠራው 35 በ45 ሚሊሜትር ፎቶማ የባሰ ነው። እዚያ ፊቱ ከፎቶው ቁመት ከ70 እስከ 80 በመቶ እንዲይዝ ስለሚፈለግ፣ ወደ አሜሪካው ካሬ ሲቆረጥ ጭንቅላቱ ከጠርዝ ጠርዝ ይገጥማል። ፎቶ ቤቱ በጎንና በጎኑ ነጭ ጨምሮ ካሬ ሊያደርገው ይችላል፤ ያ ግን ፎቶውን መቀየር ነው፣ የትከሻው መስመር በድንገት ተቆርጦ ስለሚቆምም ለዓይን ይታወቃል። ስለዚህ ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው የታተመውን ብቻ ይዞ መውጣት የለበትም። ያልተቆረጠውን፣ ትከሻና ደረቱ በሰፊው የሚታይበትን ኦሪጅናል ፋይል በፍላሽ ወይም በቴሌግራም «ፋይል» አድርጎ መቀበል አለበት። ለአሜሪካም፣ ለአውሮፓም፣ ለቀበሌም የሚሆነው ፎቶ የሚቆረጠው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ መለኪያው እንግባ። ብዙ ሰው «ዓይኑ መሃል ላይ ከሆነ ይበቃል» ይላል። አይበቃም፤ መሃል ማለት 50 በመቶ ነው፣ ዝቅተኛው ደግሞ 56። ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ሁሉ የሚገኘው Paint ፎቶው ተከፍቶ ጠቋሚው ሲንቀሳቀስ ከታች በኩል ሁለት ቁጥሮች ያሳያል። ሁለተኛው ቁጥር ከላይኛው ጠርዝ ወደ ታች ስንት ፒክስል እንደተወረደ ይናገራል። ይህችን «ከላይ» የምትለዋን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ መመሪያው ዓይንን የሚለካው ከታች ነውና። በ600ው ፎቶ ላይ ሲገለበጥ ዓይኖቹ ከላይኛው ጠርዝ ከ186 እስከ 264 ፒክስል ባለው ውስጥ መውደቅ አለባቸው። ጭንቅላቱ ደግሞ ከ300 እስከ 414 ፒክስል ይርዘም።

ያቺ አመልካች ፎቶዋን በፋይል አስልካ፣ በ600 አስቆርጣ፣ ጠቋሚውን በሦስት ቦታ አሳረፈች። የፀጉሯ ጫፍ 96 ላይ፣ ዓይኗ 296 ላይ፣ አገጯ 478 ላይ ነው። ከ478 ላይ 96 ሲቀነስ 382፤ ይህ ከ600 ሲሰላ 63.7 በመቶ ስለሆነ የጭንቅላቱ ልክ አልፏል። ዓይኑ ግን 296 ላይ ነው፣ ከ264 አልፎ ወርዷል። ከታች ሲቆጠር 304 ፒክስል፣ ማለትም 50.7 በመቶ ብቻ ነው። ፎቶው ሲታይ ያምራል፤ ፊቷ መሃል ላይ ነው፣ በላይዋም ሰፊ ነጭ አለ። ያ ሰፊ ነጭ ነው ጥፋቱ። መቁረጫው 40 ፒክስል ወደ ታች ሲገፋ ፀጉሯ 56 ላይ፣ ዓይኗ 256 ላይ፣ አገጯ 438 ላይ ይሆናል። የጭንቅላቱ ርዝመት አልተለወጠም፣ ዓይኑ ግን ከታች 344 ፒክስል፣ 57.3 በመቶ ላይ ደረሰ። ይህን ማድረግ የተቻለው ኦሪጅናሉ ላይ ከታች በኩል ደረቷ ስላለ ነው። ከትከሻዋ ላይ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ የሚገፋበት ቦታ አይኖርም ነበር።

ፀጉር ሲረዝም ነገሩ ይከብዳል። አሜሪካኖቹ የጭንቅላቱን ልክ የሚጀምሩት ከፀጉሩ ጫፍ ስለሆነ፣ አፍሮ ያበጠረ ወይም ፀጉሩን ወደ ላይ ያስያዘ ሰው ዓይኑ ከጭንቅላቱ ወገብ በታች ይወርዳል። እንዲህ ያለ ሰው «ፊቴ በደንብ ይታይ» ብሎ አቅርቦ ካስቆረጠ ይጠመዳል። ዓይኑ ከአገጩ በላይ የጭንቅላቱን 40 በመቶ ከፍታ ላይ ነው እንበል። ጭንቅላቱ 400 ፒክስል ከተደረገ ዓይኑ ከአገጩ 160 ፒክስል ይርቃል። ዓይኑ ዝቅተኛውን 336 እንዲነካ ብቻ አገጩ ከታች 176 ላይ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ፀጉሩ 576 ይደርሳል፣ ከላይኛው ጠርዝ የሚቀረው 24 ፒክስል ብቻ ነው። ትንሽ ሲነካ ፀጉሩ ይቆረጣል። ጭንቅላቱ ወደ 330 ፒክስል፣ 55 በመቶ ዝቅ ሲል ግን ዓይኑ 345 ላይ ሆኖ ከፀጉሩ በላይ 57 ፒክስል ይተርፋል። ረጅም ፀጉር ላለው ሰው መድኃኒቱ ፊቱን ማሳነስ ነው ቢባል ግራ ያጋባል፤ ቁጥሩ የሚለው ግን ይህንኑ ነው። ወይም ፀጉሩን ለዚያች ቀን ዝቅ አድርጎ ማስያዝ።

እስካሁን ያለው ሁሉ በማስመሪያ የሚያልቅ ነው። ሁለተኛው ፈታኝ የሚያየው በማስመሪያ አይለካም።

ነጭ ግድግዳ ጥቁር ፊትን ያጨልማል። ይህ የካሜራው ጠባይ ነው። ስልኩ በፊቱ ያለውን ብርሃን በጠቅላላ አይቶ ያመዛዝናል፤ ከፊቱ የተዘረጋው ነገር አብዛኛው ነጭ ከሆነ «በጣም ብሩህ ነው» ብሎ ሁሉንም ያደበዝዛል። ውጤቱ ግራጫ ግድግዳና ጉንጩ ከአንገቱ የማይለይ ፊት ነው። ፎቶ የሚያነሣው ሰው ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ቢጎትት ፊቱ ይፈካል። ፍላሽ ግን አይመከርም፤ ግንባርና አፍንጫ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጭ ነጥብ ይተክላል፣ ከኋላም የጭንቅላቱን ቅርጽ የያዘ ጥላ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። የተሻለው በቀን፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት ሰፊ መስኮት ወይም ክፍት በር ፊት ለፊት ዞሮ መቆም ነው። ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ወደ ፊት ራቅ ሲባል ጥላው ከፎቶው ውጭ መሬት ላይ ይወድቃል። ግድግዳው እንደ ብዙ ቤት ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ነጭ አንሶላ ይሰቀላል፤ ግን በደንብ ተተኩሶ፤ መታጠፊያው እንደ መስመር ይታያልና። ጥላ መኖሩ የሚታወቀው ፎቶው ተልቆ ከጆሮና ከአንገት አጠገብ ያለው ነጭ ሲታይ ነው። በአንዱ ጎን ካለው ነጭ ይልቅ በሌላው በኩል ያለው ከጠቆረ፣ ድጋሚ መነሣት ነው።

ልብስም ከግድግዳው ጋር ይጣላል። ነጭ ሸሚዝ ወይም የሐበሻ ቀሚስ ለብሶ በነጭ ግድግዳ ላይ የተነሣ ሰው ትከሻው ይጠፋና ጭንቅላቱ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ለዚህ ፎቶ የሚሻለው ጠቆር ያለ ተራ ልብስ ነው። የደንብ ልብስ አይፈቀድም።

ራስን በራስ ማንሣትም አይሆንም፤ የአሜሪካ መመሪያ ሰልፊ እንዳይሆንና ሌላ ሰው እንዲያነሣ በግልጽ ይናገራል። ምክንያቱ ርቀት ነው። ክንድ በሚደርስበት ርቀት ላይ አፍንጫ ለካሜራው ከጆሮ ይልቅ በጣም ይቀርባል፤ ስለዚህ ይገዝፋል፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ፊቱ እንደ ዕንቁላል ይረዝማል። ያነሣው ሰው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ ስልኩን በዓይን ከፍታ ላይ ይዞ፣ በኋላ ካሜራ ሲያነሣ ፊቱ ወደ መደበኛ መልኩ ይመለሳል። የፊት ካሜራ በአንዳንድ ስልክ ፎቶውን እንደ መስታወት ይገለብጠዋል፤ በቀኝ ጉንጭ ያለ ማርያም ስሞሽ በግራ ይገኛል።

ፎቶ ቤቶች ላይ ደግሞ የደግነታቸው ብዛት ያስቸግራል። ደንበኛው ሳይጠይቅ ብጉሩን ያጠፋሉ፣ ቆዳውን ያለሰልሳሉ፣ መልኩን ያቀላሉ፣ ጀርባውን በፎቶሾፕ ቆርጠው ነጭ ያደርጋሉ፤ ኮትና ክራቫት የሚያለብሱም አሉ። ለሠርግ አልበም ይህ ጥበብ ነው። ለቪዛ ፎቶ ግን ማንኛውም በሶፍትዌር፣ በስልክ አፕ ወይም በፊልተር የተደረገ የመልክ ለውጥ የተከለከለ ነው። የራሱ የስልኩ ማሳመሪያም ከዚሁ ይቆጠራል፤ በብዙ ስልኮች ላይ ሳይነካ በርቶ ስለሚቆይ ፎቶ ከመነሣቱ በፊት መጥፋት አለበት። የተነካ ፎቶ እንዴት ይታወቃል? በፀጉሩ ዙሪያ ነው። በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ጠርዝ ካለ፣ ከጭንቅላቱ የሚሸሹ ትንንሽ ፀጉሮች በድንገት ካለቁ፣ ወይም ጆሮው ዙሪያ ቀጭን ሰማያዊ ክር ከቀረ ጀርባው ተቀይሯል። ጉንጩ ላይ ምንም ዓይነት የቆዳ ቀዳዳ ካልታየ ደግሞ ፊቱ ተነክቷል። መቁረጥ፣ ማሳነስና ወደ ጄፔግ መቀየር ግን ይፈቀዳል።

መነጽር ከጥቅምት 22 ቀን 2009፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ በአሜሪካ ቪዛና ፓስፖርት ፎቶ ላይ የለም። የዕይታ መነጽር ቢሆን፣ ያለ እሱ ባለቤቱን ማንም ባያውቀው እንኳ ይወልቃል።

ራስ መሸፈንን በተመለከተ በየዕለቱ ለሃይማኖት የሚደረግ መሸፈኛ ይፈቀዳል። ስለዚህ ሒጃብ የምታደርግ ሴት አውልቂ አትባልም፤ ግን ሙሉ ፊቷ መታየት፣ ጨርቁም ፊቷ ላይ ጥላ አለመጣል አለበት። አንድ ዓይነት ቀለም ያለውና ከነጩ ጀርባ የሚለይ ጨርቅ ይሻላታል። ነጠላስ? ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትለብሰው ሴት በየዕለቱ ነው ማለት ስለማትችል ለዚህ ፎቶ ብታወርደው ይበጃታል፤ ደግሞም ነጭ በነጭ ላይ ነው። ኮፍያና የፀጉር ሻሽ ለጌጥ ከሆነ ቦታ የለውም።

ሕፃናትን ወላጆች ይረሳሉ። በዲቪ የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆች ሁሉ የየራሳቸው ፎቶ ያስፈልጋቸዋል፤ ሳምንት የሆነው ጨቅላም ቢሆን። የቤተሰብ ፎቶ ላይ ቆርጦ ማውጣት ደግሞ በአጠገቡ የሌላ ሰው ትከሻ ይዞ ይመጣል። ጨቅላው የሚነሣው ነጭ አንሶላ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ አንሺው ከበላይ ሆኖ ነው። የእናቱ እጅ፣ ጡጦና አሻንጉሊት መታየት የለበትም፤ ያነሣው ሰው ጥላም ፊቱ ላይ እንዳያርፍ መስኮቱ በጎን በኩል ይሁን። ይህ ፎቶ ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ሕፃን በልመና ዓይኑን አይከፍትም።

የዕድሜው ነገር ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል፤ በየዓመቱ ዲቪ የሚሞሉ ሰዎች የሚወድቁበት ነውና። ያምና ፎቶ ልኩ ትክክል፣ ብርሃኑ የተዋጣ፣ ፋይሉም በስልክ ውስጥ የተዘጋጀ ነው፤ እጅ ወደ እሱ መሄዱ አያስገርምም። ነገር ግን የዲቪ ማመልከቻዎች በኬንታኪ ግዛት ባለው የቆንስላ ማዕከል ሲስተናገዱ ፎቶዎች በኮምፒውተር ይነጻጸራሉ። ያው ፎቶ ሁለተኛ ዓመት ከታየ ከስድስት ወር እንዳለፈው ራሱ ይመሰክራል። የፋይሉን ስም ወይም ቀን መቀየር አይረዳም፤ ፊቱ፣ አንገትጌውና የፀጉሩ አያያዝ አንድ ነው። አዲሱ ፎቶ ከነቀኑ ተሰይሞ በራሱ ፎልደር ቢቀመጥ፣ የፊተኛው ቢጠፋ ግርግሩ ይቀራል።

ዲኤስ-160 ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ፎቶው ሲጫን ፎርሙ ራሱ መርምሮ የጥራት መስፈርቱን ማለፉን ወይም አለማለፉን ይናገራል። ካላለፈ አመልካቹ ፎርሙን መቀጠል ይችላል፤ የማረጋገጫው ገጽ ላይ ግን በፎቶው ቦታ የኤክስ ምልክት ይታያል። ያን ጊዜ የታተመ ፎቶ ይዞ ለቃለ መጠይቅ መቅረብ ግድ ነው። አልፏል የተባለውም ቢሆን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ቆንስላው ነው።

የታተመው ፎቶ 51 በ51 ሚሊሜትር ነው፤ ጭንቅላቱ ከአገጭ እስከ ፀጉር ጫፍ ከ25 እስከ 35 ሚሊሜትር። ማተሚያው ገጹን ለመሙላት ብሎ የሚያሳድግበት ወይም የሚያሳንስበት ጊዜ ስላለ፣ ከፎቶ ቤቱ ከመወጣቱ በፊት በተማሪ ማስመሪያ ቢለካ አይከፋም። ጎኑ 48 ወይም 54 ሆኖ ከተገኘ ፋይሉ ትክክል ነው፣ ጥፋቱ የማተሚያው ነው፤ ልኩ ሳይቀየር እንደገና ይታተም ማለት በቂ ነው። ካሬው ፎቶ ከወረቀት ወደ ፋይል የሚሄድ ከሆነ ደግሞ በስልክ አይነሣም፤ ወረቀቱ ያንጸባርቃል፣ ጎኖቹም ይንጋደዳሉ። በስካነር፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲነበብ ሁለት ኢንች የሆነው ፎቶ በራሱ 600 በ600 ሆኖ ይወጣል።